ከቁም ሳጥን ላይ የወረዱት ደብተሮች

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ስድስተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ የሂሳብ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከኋላዋ ቆሜ አየኋት። ጥያቄው 1/2 + 1/3 የሚል ነበር። ሳታመነታ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደመረችና 2/5 ብላ ጻፈች። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ስለዚህ አልደነገጥኩም።

"ቆይ እስቲ" አልኳት። "ግማሽ ድፎ ዳቦ ነበረሽ እንበል። ከዚያ ሌላ ሲሶ ጨመርኩልሽ። አሁን ያለሽ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?"

"ይበልጣላ!"

"2/5ስ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?"

እርሳሷን አፏ ላይ አድርጋ ቁጥሩን ትንሽ አየችው። "እማዬ፣ እሱን አልተማርንም" አለችኝ።

ያስደነገጠኝ ይህ መልስ ነው። እኔ እሷ በምትማርበት ትምህርት ቤት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለውን የሂሳብ ትምህርት በአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ በቀለም አሳምሬ፣ ለዳይሬክተራችን አስረክቤ ነበር። የትኛው ርዕስ በየትኛው ክፍል እንደሚሰጥ፣ የቱ እንደሚደገም፣ የቱ እንደሚዘለል ያሳያል የተባለ ካርታ ነው። ክፍልፋይ በሚለው ረድፍ ላይ አንድም ባዶ ሳጥን አልነበረም። ክፍልፋዮችን ማወዳደር ደግሞ አራተኛም አምስተኛም ክፍል ላይ በግልጽ ተጽፏል። በካርታው መሠረት ልጄ ሁለት ጊዜ ተምራዋለች። በራሷ ቃል ግን አልተማረችውም። ከዚህም የሚብሰው፣ አምስተኛ ክፍል ሂሳብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወንበር ላይ ወጥቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካርቶን አወረድኩ። የልጆቼን ደብተር አልጥልም፤ ባለቤቴ ሁልጊዜ ይስቅብኛል። የልጄን ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን የሂሳብ ደብተሮች ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁና ክፍልፋይ የሚል ርዕስ ያለበትን ገጽ ሁሉ በቀኑ መሠረት ቆጠርኩ። በአራት ዓመት ውስጥ 31 ክፍለ ጊዜ ተምራለች። ከእነዚህ በ17ቱ የሠራችው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ የተከፋፈለ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ተሥሎ፣ ወይ ቀቢ ይላታል፣ ወይ የተቀባውን በክፍልፋይ ጻፊ ይላታል። ሁለተኛ ክፍል ላይ ክቡ ለአራት ተከፍሏል። አምስተኛ ክፍል ላይ ለአሥራ ሁለት። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። የቀሩት ክፍለ ጊዜያት አብዛኞቹ ታህታቸው እኩል የሆኑ ክፍልፋዮችን መደመር ነበሩ። ክፍልፋይን በቁጥር መስመር ላይ የሚያስቀምጥ አንድም ገጽ የለም። በአምስተኛ ክፍሉ ደብተር ላይ በየገጹ ቀይ የራይት ምልክት አለ። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

የመስከረሙ ካርታዬ ምን እንደጎደለው የገባኝ እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። ካርታውን የሠራሁት ከዓመታዊ ዕቅዶች ነበር። ዓመታዊ ዕቅድ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ከመጽሐፉ ማውጫ የሚገለበጥ ነገር ነው። ስለዚህ ካርታዬ የመጽሐፍ ማውጫዎች ካርታ ነበር። የሥርዓተ ትምህርት ካርታን ሐሳብ በአሜሪካ በሰፊው ያስተዋወቀችው ሃይዲ ሄይስ ጄከብስ በ1990ዎቹ ስትጽፍ፣ መምህሩ ሊያስተምር ያሰበውን ሳይሆን በየወሩ በእርግጥ ያስተማረውን መመዝገብ አለበት ብላ ነበር። ይህን በሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ማስታወሻም ይዤበታለሁ። ሲሠራ ግን ዕቅዱ ኮምፒውተር ውስጥ ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ይቀላል።

በማግስቱ ሥራውን እንደገና ጀመርኩት። መላውን የሂሳብ ትምህርት ትቼ ክፍልፋይን ብቻ ያዝኩ። በየክፍሉ ካለው ከእያንዳንዱ ሴክሽን የሁለት ልጆች ደብተር ለመንኩ። አንደኛ የሚወጣውን ልጅ አልመረጥኩም፤ የማይቀርና በደንብ የሚገለብጥ ልጅ ነው የፈለግሁት፤ ምክንያቱም የምፈልገው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንጂ የልጁን ችሎታ አይደለም። ያለፈውን ዓመት ደብተር ከወላጆች ጠየቅሁ። እንደ እኔ የማይጥሉ ብዙ እናቶች እንዳሉ ያወቅሁት ያኔ ነው። የፈተና ወረቀቶቹ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ ሁለት ፍሊፕ ቻርት አጣብቄ ስምንት ዓምድ አሰመርኩ፤ ለየክፍሉ አንድ። ትልቁ ለውጥ በረድፎቹ ላይ ነበር። በመስከረም ረድፎቹ የርዕስ ስሞች ነበሩ፤ "ክፍልፋይ" የሚለው ርዕስ በሁሉም ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ስላለ ሁሉም ሳጥን ይሞላል። አሁን በረድፎቹ ላይ የጻፍኩት ልጁ እንዲያደርግ የተጠየቀውን ነው፤ ይቀባል፣ ይሰይማል፣ ከዕቃዎች ስብስብ ውስጥ ሩቡን ይለያል፣ በመስመር ላይ ያስቀምጣል፣ የቱ እንደሚበልጥ ምክንያት ይሰጣል፣ አቻ ክፍልፋይ ያወጣል፣ ይደምራል፣ ያባዛል፣ ያካፍላል። በየሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ጻፍኩ፤ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደፈጀ፣ እና በዚያ ክፍል ከተሰጡት ጥያቄዎች ከባዱን እንዳለ ገልብጬ። ዕቅድ ላይ ያለውን በሰማያዊ፣ ደብተር ላይ የተገኘውን በጥቁር፣ ፈተና ላይ የወጣውን በቀይ።

ቀለሞቹ ራሳቸው መናገር ጀመሩ። ሰማያዊ ብቻ ያለበት ሳጥን ታቅዶ ያልተማረ ነው። ጥቁር ኖሮት ቀይ የሌለው ተምረው ያልተፈተኑት ነው። ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ ቀይ ብቻ ነበር፤ ማንም ሳያስተምራቸው ፈትነናቸዋል። ጥያቄው ከሌላ ትምህርት ቤት የተገኘ የቆየ ወረቀት ላይ የተወሰደ ነበር።

"ይቀባል" የሚለው ረድፍ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል በጥቁር ተሞልቷል። "በመስመር ላይ ያስቀምጣል" የሚለው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ብቻ፣ አራተኛ ክፍል "ለ" ሴክሽን፣ በጥቁር "2 ክፍለ ጊዜ" የሚል አለ። በግድግዳ አንድ ወዲያ ያለው አራተኛ "ሀ" ግን ምንም። አምስተኛ ላይ ሁለቱ ሴክሽኖች ተደባልቀው ነበር የመጡልኝ። ታዲያ ለምን ግማሾቹ በቀላሉ ሲገባቸው ግማሾቹ እንደሚደናበሩ አንድ ዓመት ሙሉ ሳስብ፣ መልሴ "ጎበዝ ልጆችና ሰነፍ ልጆች" የሚል ነበር።

የቁጥር መስመር ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። ክፍልፋይን በክብ ብቻ የተማረ ልጅ ዘንድ 3/4 የተቀባ ሥዕል ነው፤ ቁጥር አይደለም። ቁጥር ካልሆነ ደግሞ ከሌላ ቁጥር አይበልጥም፣ አያንስም፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ቦታ የለውም። ለዚህ ነው ልጄ ግማሽ ላይ ጨምራ ከግማሽ ያነሰ ስታገኝ ምንም ያልጎረበጣት። ሥዕሉ ከአንድ በላይ ሲሆንም ይከዳል። ለአራት ለአራት የተከፈሉ ሁለት ክቦች ሥላችሁ አምስቱን ክፍል ቀብታችሁ ልጁን ብትጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ 5/8 ይላችኋል፤ ከስምንት ክፍል አምስቱ ተቀብቷልና። 5/4 እንዲታየው አንዱ ሙሉ ክብ እንደ አንድ መቆጠሩን መያዝ አለበት። መስመሩ ላይ ግን 1 በቦታው ቆሟል፤ 5/4 አልፎት ሲሄድ በዓይን ይታያል። አስገራሚው ነገር ልጆቻችን ይህን ከትምህርት ቤት ውጭ ማወቃቸው ነው። ሩብ ኪሎ ቡና ከግማሽ ኪሎ እንደሚያንስ፣ ሩብ ጉዳይ ከሰዓቱ በፊት እንደሚመጣ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሰዓቱ ራሱ የተጠቀለለ የቁጥር መስመር አይደል?

ካርታውን ለባልደረቦቼ ያሳየሁት አንድ ዓርብ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ነበር የገባው። የሰው ደብተር ስሰበስብ ስለሰነበትኩ ወሬው ግምገማ ነው የሚል ሆኗል። "የኔ እመቤት፣ ይሄ ነገር ለአስተዳደር ይሄዳል?" ብለው የጠየቁኝ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት የሦስተኛ ክፍሉ መምህር ናቸው። "አይሄድም ጋሼ፤ መጀመሪያ የኔን እዩልኝ" አልኩና የልጄን የአምስተኛ ክፍል ደብተር ከነቀይ ምልክቴ አዞርኩላቸው። በፍርሃት ነው ያደረግሁት፤ የሚስቅብኝም ይኖራል ብዬ ነበር። ደብተሩ ዙሩን እስኪጨርስ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ ባዶውን ረድፍ አነሳሁ። የአራተኛ "ሀ" መምህርት "እኔማ አምስተኛ ላይ ያገኙታል ብዬ ነው" አለች። እኔም ከአፌ ቀድሞ ወጣ፤ "እኔ ደግሞ አራተኛ ላይ አይተውታል ብዬ።" የሳቅነው ሁላችንም ነን፤ ግን ለብዙ ዓመት ልጆች የወደቁበትን ጉድጓድ ያየነው በዚያች ቅጽበት ነው። ሁለት መምህራን በአንድ ኮሪደር እየኖርን፣ እያንዳንዳችን ሌላው ሠርቶታል ብለን።

ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። በምንጠቀምበት የአራተኛ ክፍል ዕቅድ የቁጥር መስመሩ የክፍልፋዩ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው፤ ምዕራፉም የሚደርሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በዓሉ፣ የወላጆች ቀኑ፣ የፈተና ክለሳው ይሻማዋል። "ለ" ሴክሽን የደረሰው መምህሩ ፈጣን ስለሆነ እንጂ ስለታዘዘ አልነበረም። ሁለተኛው ምክንያት የሁላችንም ልማድ ነው። እያንዳንዳችን ምዕራፉን የምንከፍተው "ረስተውታል" ብለን በክለሳ ነው፤ ክለሳው ደግሞ ያው ክብ መቀባት ነው። አንድ ሳምንት የታሰበው ሁለት ሳምንት ይሆናል። የጠፋው ሳምንት የሚቆረጠው ከምዕራፉ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ልጁ የክፍልፋይን መጀመሪያ አምስት ጊዜ ይማራል፤ መጨረሻውን አንድም ጊዜ። መደጋገሙና ክፍተቱ ሁለት የተለያዩ ችግሮች መስለውኝ ነበር። አንዱ ሌላውን የወለደ ነው።

እዚህ ላይ የሦስተኛ ክፍሉ ጋሼ ተቃወሙኝ፤ ትክክልም ነበሩ። "ልጅ በአንድ ጊዜ አይገባውም። መደጋገም ያስፈልጋል" አሉ። እውነት ነው። ጀሮም ብሩነር በ1960 ባሳተመው መጽሐፉ ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ አንድ ሐሳብ በየክፍሉ እየተመለሰ፣ በተመለሰ ቁጥር ግን ከፍ እያለ እንዲሄድ። ታዲያ መመለስንና መደጋገምን በምን እንለይ? ካርታው ላይ የገለበጥኳቸው ከባድ ጥያቄዎች የጠቀሙት ለዚህ ነው። ታህታቸው እኩል የሆኑ ክፍልፋዮችን መደመር በተሰኘው ረድፍ አራተኛ ክፍል ላይ 2/7 + 3/7 አለ። አምስተኛ ላይ 5/11 + 4/11። ስድስተኛ ላይ 13/25 + 9/25። ቁጥሩ አደገ፤ ልጁ የሚያስበው ነገር ግን አላደገም። የአራተኛውን የሠራ ልጅ የስድስተኛውንም ይሠራል። ጥያቄዎቹን ሦስቱን ጎን ለጎን ሳነብላቸው ጋሼ ራሳቸው "ይሄስ ቆሞ መሄድ ነው" አሉ። እዚያው ስድስተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋይ መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል በሦስት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። ሦስት ዓመት ሜዳ፣ ከዚያ ገደል።

የሰባተኛ ክፍል ዓምድ ሌላ ዓይነት ክፍተት ነበረው። ሂሳቡ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው እዚያ ነው። መምህሩ "ኑመሬተር የቱ ነው ብላቸው አያውቁም" ይል ነበር። ላዕል ብሎ ቢጠይቃቸው ግን ያውቃሉ። የጎደለው ሂሳብ ሳይሆን ቃል ነው፤ በስድስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ በሁለቱም ቋንቋ የተጻፉ አሥራ አምስት ያህል ቃላት በአንድ ገጽ አዘጋጅተን መስጠት በቂ ሆነ።

የመስመሩን ጉዳይ ለማስተካከል ግን የጨመርነው ክፍለ ጊዜ የለም፤ የትም አይገኝም። ቀነስን። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ክለሳ የሚባለውን አስቀርተን ምዕራፉ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጥያቄ ብቻ እንዲሰጥ ተስማማን፤ ከ1/3 እና ከ1/5 የቱ ይበልጣል፣ 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ ከ0 እስከ 2 በተሰመረ መስመር ላይ 3/4 የት ነው። እኔ በራሴ አምስተኛ ክፍል ጀመርኩ። የተቀባ ክብ እንዲሰይሙ ጨምሬ ጠይቄያቸው ነበርና ሁሉም አገኙት። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን መልሶቹ ሦስት ዓይነት ሆኑ። አንዳንዶቹ መስመሩን ራሳቸው አስረዝመው በ3 እና በ4 መካከል አስቀመጡት፤ ሁለት ቁጥር ስለታያቸው። ብዙዎቹ የመስመሩን ርዝመት በሙሉ እንደ አንድ ክብ ቆጥረው ሦስት አራተኛው ላይ፣ ማለትም 1 ተኩል ላይ ምልክት አደረጉ። በትክክል ከ1 በፊት ያስቀመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከአራተኛ "ለ" የመጡ። አሥራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ከምናጠፋበት ምዕራፍ ውስጥ አምስቱን ከመቀባት ወስደን ለመስመሩ ሰጠነው። አራተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ከምዕራፉ መጨረሻ ወደ ሁለተኛው ሳምንት አመጣነው፤ ጊዜ ቢያጥር እንኳ የሚቆረጠው ሌላ ነገር እንዲሆን።

ካርታው የማያሳየውም ብዙ ነው። አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት በወረቀት ማጠፍና በብርቱካን ሁሉን ነገር በቃል ታስተምራለች፤ የልጆቿ ደብተር ባዶ ነው፣ ሳጥኗም ባዶ ሆኖ ነበር። ሄጄ ክፍሏ ባልቀመጥ ኖሮ ስሟን አጠፋ ነበር። በተቃራኒው ጥቁር ቀለም ያለበት ሳጥን ተጻፈ ማለት እንጂ ገባቸው ማለት አይደለም። መጽሐፍ ሲቀየር ደግሞ ካርታው አንድ ዓመት ሙሉ ይዋሻል። አንድ ርዕስ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ክፍል ቢወርድ፣ በዚያ ዓመት ከአራተኛ ወደ አምስተኛ የተዛወሩት ልጆች በአሮጌው መጽሐፍ አልደረሱበትም፣ በአዲሱም አልፏቸዋል። ከላይ ወደ ታች ስታነቡት ሁሉም ክፍል ሙሉ ነው፤ የአንዱን ትውልድ መንገድ በሰያፍ ስትከተሉ ነው ቀዳዳው የሚታየው። የልጄ ክፍል አንዱ ችግር ይህ ይሁን አይሁን ማጣራት ፈልጌ ነበር፤ የሦስተኛ ክፍሏ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ተቀደው ስለነበር አልቻልኩም።

ለእሷ የትምህርት ቤቱ ማስተካከያ አልደረሰላትም፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ቀርቦ ነበር። ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጠርኩ። አንዱ ጫፍ 0፣ መሐሉ 1፣ ሌላው ጫፍ 2። በልብስ መቆንጠጫ ወረቀት እያንጠለጠልን አንድ ሳምንት ሰነበትን፤ እራት በደረሰ ቁጥር ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያልፋል። ታናሽ ወንድሟ ግማሽን መጀመሪያ ሰቀለ። እሷ ከ0 እስከ 1 ያለውን በመዳፏ እየለካች ለአምስት ከፈለችና 2/5ን ይዛ ሄደች። መቆንጠጫውን ከግማሽ በስተግራ አደረገችው። ተመለሰች፣ ከሩቅ አየችው፣ ሄዳ እንደገና ለካች።

"ያነሰ ነው እንዴ?" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ታዲያ ያኔ ለምን ራይት አደረግሽልኝ?"

ያኔ ራይት ያደረግሁት ሌላ ጥያቄ ላይ እንደነበር፣ ይህን ጥያቄ ጭራሽ እንዳልጠየቅኋት ላስረዳት ሞከርኩ። አልተዋጠላትም።

ፍሊፕ ቻርቱ አሁንም የመምህራን ማረፊያው ግድግዳ ላይ ነው። የሰባተኛ ክፍሉ መምህር ሐምሌ ላይ ለቆ ሌላ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ በእሱ ዓምድ ላይ ያለውን ሁሉ በእርሳስ ሰርዤ ለአዲሱ መምህር ሁለት ደብተር ሰብስብልኝ ብዬዋለሁ። በዚህ ዓመት ከክፍልፋይ ቀጥሎ የያዝነው ልኬት ነው። እስካሁን ሳንቲ ሜትርን በአራት ክፍል አግኝተነዋል።